በፈረንሳይኛ ኢሜይል ግርጌ ምን ይጻፋል? ብዙ ሰው የሚጨምረውና ሕጉ የሚጠይቀው አይገጣጠሙም

ሊዮን ከተማ ቡና እያስመጣች የምትሸጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት አለች እንበል። ስሟ አልማዝ ይሁን፤ ድርጅቷንም ለምሳሌ ያህል ካፌ ኤግዛምፕል እንበለው። ሴትየዋም ድርጅቱም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ብቻ የሚኖሩ ናቸው። ከኢሜይሏ ግርጌ የምታኖረው ፊርማ ግን ፈረንሳይ አገር ንግድ ከጀመሩ ሰዎች ዘንድ ዘወትር የሚታይ ዓይነት ነው።

```
Mme. Almaz Tesfaye
PDG & Founder
CAFE EXEMPLE
Tel: +33 (0)4 65 71 12 34
SIRET 123 456 782 00010

Ce message est confidentiel. Si vous n'en êtes pas
le destinataire, vous devez le détruire immédiatement.
```

ላይ ላዩን ሲያዩት የጎደለው ነገር የለም። ስም አለ፣ ማዕረግ አለ፣ ስልክ አለ፣ ረጅም የመንግሥት ቁጥር አለ፣ ሕግ ሕግ የሚሸት ማስጠንቀቂያም አለ። ነገር ግን የመጀመሪያው መስመር በፈረንሳይኛ ልማድ ነውር ነው፤ ሁለተኛው ሐሰት ነው፤ የመጨረሻው ከንቱ ነው። የፈረንሳይ የንግድ ሕግ በግልጽ ከሚጠይቃቸው ነገሮች ደግሞ አብዛኛዎቹ የሉበትም። ከላይ ወደ ታች እንሂድበት።

መጀመሪያ ስሙ። ፈረንሳዊ ለሌላው ሰው «ማዳም» ይላል እንጂ በራሱ ስም ላይ አክብሮት አይጭንም። በአማርኛም ሰው ራሱን «እኔ አቶ እገሌ ነኝ» ሲል ጆሮ ይቆረቁራል፤ ነገሩ ያው ነው። ጠበቆች እንኳ ሌላው ሰው «ሜትር» ብሎ ይጠራቸዋል እንጂ ራሳቸው ሲፈርሙ ስማቸውን ጽፈው ከሥሩ የየትኛው ከተማ ጠበቆች ማኅበር አባል እንደሆኑ ነው የሚያስቀምጡት። የነጥቧም ነገር አለ። `Mme` ነጥብ የላትም፤ ምክንያቱም ምሕጻሩ በሙሉው ቃል የመጨረሻ ፊደል ያበቃል። `M.` ግን ከመጀመሪያው ፊደል ላይ ስለተቆረጠች ነጥብ ታስከትላለች። `Mr` የእንግሊዝኛ ነው።

ከዚህ ይልቅ ለእኛ ሰዎች የሚጠቅመው የቤተሰብ ስምን በትልልቅ ፊደላት የመጻፍ ልማድ ነው፤ `Almaz TESFAYE` እንደማለት። እኛ ወይዘሮ አልማዝ እንላለን፤ ተስፋዬ አባቷ ናቸው። ፈረንሳዩ ግን «ማዳም ተስፋዬ» ብሎ ነው የሚጽፍላት፤ የትኛው ስም የቤተሰብ እንደሆነ ካላወቀ ደግሞ በግምት ይመርጣል። አንድ ቀን በአንዱ ስም፣ በሌላ ቀን በሌላው ደንበኛ ሆና ትመዘገብና ደረሰኟ ይጠፋል። ትልልቆቹ ፊደላት ግምቱን ያስቀራሉ። የሚጻፈው ስም በመኖሪያ ፈቃዷና በንግድ መዝገቧ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የሰፈረው መሆን አለበት፤ የአያት ስም ሰፍሮ ከሆነም ያው የአያት ስም ነው።

አሁን ወደ ማዕረጉ እንምጣ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ስህተቱ የሚያስከፍለው እዚህ ነውና። `PDG` የሚባለው ሥልጣን፣ ማለትም ፕሬዚዳንትና ዋና ዳይሬክተር በአንድ ሰው ሲጠቃለል፣ በፈረንሳይ ሕግ የአክሲዮን ማኅበር ሹመት ነው። የአልማዝ ድርጅት ግን `SARL` ነው፤ እኛ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የምንለው ማለት ነው። ነገሩ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይደለም፤ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕጋችንን ያረቀቁት ዣን ኤስካራና አልፍሬድ ዦፍሬ የተባሉ ፈረንሳውያን የሕግ ሊቃውንት ነበሩና። በ`SARL` ውስጥ ድርጅቱን የሚወክለው ሰው `gérant` ይባላል፤ ሴት ስትሆን `gérante`። `SAS` በሚባለው፣ ዛሬ አዳዲስ ድርጅቶች አዘውትረው በሚመርጡት ዓይነት ደግሞ `président` ወይም `présidente` ነው። እንግዲህ አልማዝ «ፔዴዤ» ብላ ስትፈርም በንግድ መዝገቡ ላይ የሌለ ሹመት ለራሷ ሰጥታለች። መዝገቡን የሚያውቅ የባንክ ሠራተኛ ፈገግ ብሎ ያልፋል፤ ወይም ፈገግ ሳይል ተጨማሪ ማስረጃ ይጠይቃል።

ባለቤቷ ራሷ ስለሆነች ጉዳቱ ከዚህ አያልፍም ይሆናል። አደጋው የሚመጣው ሠራተኛ ማዕረጉን ሲያሳድግ ነው። የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1962 በሙሉ ጉባኤው በሰጠው ውሳኔ፣ ሰው በተወካይ መልክ ቀርቦ ሦስተኛው ወገን ሥልጣኑን በቅንነት ካመነና ለማመንም በቂ ምክንያት ከነበረው ድርጅቱ ሊታሰር ይችላል የሚለውን መርህ አጸና። እ.ኤ.አ. ከ2016ቱ የውል ሕግ ማሻሻያ ወዲህ ይህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1156 ውስጥ ሰፍሯል። የሽያጭ ሠራተኛው በድርጅቱ ኢሜይል፣ በድርጅቱ አርማ ሥር፣ አለቃው እያየ ለሁለት ዓመት «ዋና ዳይሬክተር» እያለ ከፈረመና አንድ ቀን ትልቅ ትእዛዝ ካጸደቀ፣ ድርጅቱ ኋላ ላይ «ይህ ሰው እኮ ሥልጣን የለውም» ቢል በቀላሉ አይሰማም። ያቺ አንዲት መስመር ብቻዋን ጉዳዩን ትወስናለች ማለቴ አይደለም። ዳኛው ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዷ ልትሆን ግን ትችላለች። ስለዚህ «የሽያጭ ኃላፊ» የሆነ ሰው `Responsable commercial` ብሎ ይፈርም።

የፊደሉን መጠን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነው በትልቅ ፊደል የሚጀምረው፤ `Responsable Commercial` ማለት በእንግሊዝኛ ልማድ መጻፍ ነው። `Founder` የሚለውም በ`fondatrice` ይተካል፤ መሥራችነት የሕግ ሹመት ስላልሆነ መጻፉ አይከለከልም፤ ሹመቱን ግን አይተካም።

የሴት ማዕረግ ነገር በፈረንሳይ ለረጅም ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። በአማርኛ «ሥራ አስኪያጅ» ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤ ፆታውን ግሡ ይናገራል። ፈረንሳይኛ ግን በስሙ ላይ መወሰን አለበት። መንግሥት ማዕረጎች በሴት ፆታ እንዲጻፉ መመሪያ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ የፈረንሳይ አካዳሚ ግን ተቃውሞውን ትቶ በይፋ የተቀበለው በየካቲት 2019 ነው። ስለዚህ `directrice`፣ `cheffe de projet`፣ `ingénieure` ብሎ መፈረም ዛሬ ማንንም አያስደነግጥም። ራሷን `directeur` ብላ የምትፈርም ሴትም አልፎ አልፎ አለች፤ ምርጫው የእሷ ነው። የሥራ ባልደረባ ተነስቶ ሊያርማት አይገባም።

እኛ አገር የምንወዳቸው ሁለት ማዕረጎች ደግሞ በፈረንሳይኛ ግርጌ ላይ ይንሸራተታሉ። «ዶክተር» ያለ ማብራሪያ ከስም ፊት ሲመጣ ፈረንሳዩ ሐኪም ነው የሚመስለው። የምርምር ሕጉ የሦስተኛ ዲግሪ ባለቤቶች በሥራ ጉዳይ በማዕረጋቸው እንዲጠቀሙ ይፈቅዳል፤ አስተዋዩ ሰው ግን `Docteur en chimie` ብሎ ሙያውን ያስከትላል። «ኢንጂነር እገሌ» የሚባል አጠራር በፈረንሳይ የለም። በሕግ የተጠበቀው `ingénieur diplômé` የሚለው ነው፤ እሱም ከስም ቀጥሎ፣ ከተመረቁበት ትምህርት ቤት ጋር ይጻፋል እንጂ ከስም ፊት አይቆምም።

ስልኩን ቶሎ እንለፈው። የፈረንሳይ ቁጥር አሥር አሃዝ ሆኖ በዜሮ ይጀምራል፤ ሁለት ሁለት እየተደረገ ይነበባል። ከውጭ ሲደወል ዜሮዋ ወድቃ +33 ትገባለች። በቅንፍ ያለችው ዜሮ ሁለቱንም ለማገልገል ታስባ የገባች ናት፤ ግን የዓለም አቀፉ የስልክ አጻጻፍ ደንብ አይቀበላትም። ጅዳ ወይም አዲስ አበባ ያለ ሰው ቁጥሩን ቀድቶ ሲለጥፈው ዜሮዋ አብራው ትገባና ጥሪው አይሄድም። እግረ መንገዴን፣ እዚህ የተጠቀምኩባቸው ቁጥሮች የፈረንሳይ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ለልብ ወለድና ለፊልም ብሎ ካስቀመጣቸው ውስጥ ናቸው፤ ደውላችሁ ማንንም አትረብሹም። ከ`Tél.` በኋላ ነጥብ አለ፤ ከሁለት ነጥቡ በፊትም ክፍት ቦታ አለ። ይህ የፈረንሳይኛ አጻጻፍ ነው። ክፍት ቦታዋ ስትጎድል ጽሑፉ ከሌላ ቋንቋ እንደመጣ ያስታውቃል።

ኢሜይሉ ራሱ ከላይ እየታየ አድራሻውን ከታች መድገም ትርፍ ይመስላል። ይሁንና መልእክቱ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የላኪው አድራሻ ከላይ ሊጠፋ ስለሚችል መድገሙን አልነቅፍም። ፎቶግራፍ፣ አምስት የማኅበራዊ ገጽ ምልክቶች፣ «ይህን ኢሜይል ከማተምዎ በፊት ስለ ዛፎች ያስቡ» የሚል አረንጓዴ መስመር ግን ወረቀቱን አያድኑትም፤ ያንን መስመር ለማተም አንድ ገጽ ሲጨመር አይቻለሁ።

ዋናው ጉዳይ ሕጉ ነው። የፈረንሳይ የንግድ ሕግ ደንብ አንቀጽ R123-237 በንግድ መዝገብ የገባ ማንኛውም ሰው በደረሰኞቹ፣ በትእዛዝ ወረቀቶቹ፣ በማስታወቂያዎቹና ሥራውን በሚመለከቱ፣ በእሱ ወይም በስሙ በሚፈረሙ ደብዳቤዎች ሁሉ ላይ የተወሰኑ ነገሮችን እንዲጽፍ ያዛል። የመለያ ቁጥሩ፣ የንግድና የማኅበራት መዝገብን የሚያመለክተው `RCS` የሚለው ምሕጻር ከመዝገብ ቤቱ ከተማ ስም ጋር፣ የዋናው መሥሪያ ቤት አድራሻ። የንግድ ማኅበር ሲሆን ደግሞ ስሙ፣ የማኅበሩ ዓይነትና የካፒታሉ መጠን ይጨመራሉ። ድርጅቱ በመፍረስ ላይ ከሆነ ያም መነገር አለበት።

ደብዳቤ ሲባል ኢሜይልን ይጨምራል ወይ? የደንቡ ቃል «ደብዳቤዎች ሁሉ» ነው የሚለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው መመሪያም ግዴታው በወረቀትም ይሁን በሌላ መንገድ ለሚላክ የንግድ ደብዳቤ እንደሚሠራ አስፍሯል። ስለዚህ «ወረቀት አይደለም» የሚለው ማምለጫ ተዘግቷል። ቅጣቱ የአራተኛ ደረጃ ደንብ መተላለፍ ነው፤ ለግለሰብ እስከ 750 ዩሮ፤ ድርጅት ሲሆን እስከ አምስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በአንድ ኢሜይል ግርጌ ብቻ ተከሶ የተቀጣ ሰው አላጋጠመኝም። ነገር ግን ክርክር ሲነሳ የተጋጣሚው ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነበው ይህንኑ ግርጌ ነው።

አልማዝ የጻፈችው ቁጥር `SIRET` ነው፤ አሥራ አራት አሃዝ። ሕጉ የሚጠይቀው የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ፣ ማለትም `SIREN` የሚባለውን ነው። ልዩነቱ ከንቱ አይደለም። ዘጠኙ አሃዝ ድርጅቱን ከልደቱ እስከ ሞቱ ይከተለዋል፤ ቀሪዎቹ አምስቱ የሚያመለክቱት አንድን የሥራ ቦታ ስለሆነ አልማዝ መጋዘኗን ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው ስታዛውር ይለወጣሉ። በየኢሜይሉ ሥር የቆየ ቁጥር ተንጠልጥሎ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ ቁጥር ለደረሰኝ ግዴታ ነው፤ ለኢሜይል አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ቦታ የከተማው ስም ነው። ከ`RCS` ቀጥሎ የሚጻፈው ድርጅቱ ያለበት ከተማ ሳይሆን የመዝገብ ቤቱ ከተማ ነው። መሥሪያ ቤቱ ቪለርባን ቢሆን መዝገቡ ሊዮን ነው፤ ሞንትረይ ቢሆን ቦቢኚ ነው፤ ቡሎኝ ቢያንኩር ቢሆን ናንቴር ነው። ትክክለኛውን ለማወቅ ካቢስ ተብሎ የሚጠራውን የምዝገባ ማስረጃ አናት ማየት ይበቃል።

እንግዲህ የታረመው ፊርማ ይህን ይመስላል፦

```
Almaz TESFAYE
Gérante
Tél. : +33 4 65 71 12 34
Mobile : +33 6 39 98 12 34

Café Exemple
SARL au capital de 5 000 €
Siège social : 12 rue de l'Exemple, 69007 Lyon
123 456 782 RCS Lyon
```

ስምንት መስመር ነው፤ ከበፊቱ የሚረዝመው በአንድ መስመር ብቻ ነው። የካፒታሉ መጠን አምስት ሺህም ይሁን አንድ ዩሮ አያሳፍርም፤ የተመዘገበው ይጻፋል። በቁጥሩ መካከል ኮማ ሳይሆን ክፍት ቦታ ይገባል፤ የዩሮ ምልክትም ከቁጥሩ በኋላ ይመጣል። `Café` ላይ ያለችው ጭረት በትልልቅ ፊደላት ስትጽፉትም ትቀመጣለች። እነዚህን መስመሮች ከአርማው ጋር በአንድ ሥዕል ውስጥ የሚያስገቡ ድርጅቶች አሉ፤ ይህ መጥፎ ሐሳብ ነው። የተቀባዩ ፕሮግራም ሥዕሎችን ከዘጋ ሕጉ የሚጠይቀው ሁሉ በአንድ ባዶ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። «ኮርዲያልማን» የሚለው የስንብት ቃልም በዚህ ብሎክ ውስጥ አይግባ። ስንብት በሰውየው ልክ በእጅ ይጻፋል፤ ለሚያዝን ደንበኛም ለሚከሰስ ባለዕዳም አንድ ዓይነት የሚወጣ ስንብት ያስቀይማል።

ድርጅት ሳያቋቁም በግሉ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ይለያል። አስተርጓሚ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ምግብ አዘጋጅቶ የሚያደርስ፣ ብዙ ወደ ፈረንሳይ የመጣ ሰው የሚጀምረው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. የየካቲት 2022 ሕግ የግል ነጋዴውን የቤት ንብረት ከሥራው ዕዳ ለየለት፤ በምላሹ ከግንቦት 15 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ደብዳቤዎቹ ላይ ከስሙ አጠገብ `EI` ወይም በሙሉው `entrepreneur individuel` እንዲጽፍ ተጠየቀ።

```
Almaz TESFAYE EI
Traductrice
Tél. : +33 6 39 98 12 34
SIREN 123 456 782
```

ሁለቱ ፊደሎች ከስሟ ሳይርቁ፣ ከፊቱ ወይም ከኋላው ወዲያው መቀመጥ አለባቸው። ከታች በትንሽ ፊደል መቅበር አይበቃም። ነጋዴ ሆና በንግድ መዝገብ ከገባች የ`RCS` መስመርም ይከተላታል፤ አስተርጓሚ ግን የነጻ ሙያ ስለሆነች በዚያ መዝገብ የለችም፤ የሌለችበትን መዝገብ መጻፍም ስህተት ነው። ካፒታል የሚባልም የላትም።

የቀረው የምስጢር ማስጠንቀቂያው ነው። «የእርስዎ ካልሆነ ወዲያውኑ ያጥፉ» የሚለውን አንቀጽ የሚያዝ ሕግ የለም። ያልተስማማ ሰው ላይ ግዴታ ሊጥልም አይችልም፤ በስህተት የደረሰው ሰው ምንም ቃል አልገባምና። ጥበቃው በሌላ ቦታ አለ። የሌላውን ደብዳቤ በክፉ ልብ የከፈተ ወይም ያሰናከለ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 226-15 እስከ አንድ ዓመት እስራትና 45,000 ዩሮ ይጠብቀዋል፤ ማስጠንቀቂያው ኖረም አልኖረ። በሁለት ቋንቋ ሲጻፍ ከመልእክቱ ይረዝማል፤ ሃያ ጊዜ መልስ ሲሰጣጡ ሃያ ጊዜ ይደጋገማል። አንድ ቃል ብቻ እውነተኛ ክብደት ያላት በጠበቆች መካከል ነው። የሁለት ጠበቆች ደብዳቤ በሙያ ምስጢር የተጠበቀ ሲሆን፣ `officielle` የሚል ቃል ሲጻፍበት ግን ያ ጥበቃ ይነሳለታል። ረጅሙ አንቀጽ የማይሠራውን ያቺ ቃል ትሠራለች።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲጽፍልን ደግሞ መብቱ የእኛ ነው። ጉዳያችንን የያዘው ሠራተኛ ስም፣ የቤተሰብ ስም፣ የሥራ ደረጃና የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ በደብዳቤው ላይ መኖር እንዳለበት በሕዝብና በአስተዳደር ግንኙነት ሕግ አንቀጽ L111-2 ተደንግጓል፤ የደኅንነት ምክንያት ሲኖር ስሙ ሊሰወር ይችላል። የመኖሪያ ፈቃዱን የሚጠባበቅ ሰው «አገልግሎቱ» ብቻ ተብሎ የተፈረመ ኢሜይል ሲደርሰው ማን እንደያዘው በትሕትና መጠየቅ ይችላል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው የሚደርሰውንም ፊርማ ማንበብ ይጀምራል። አዲስ አበባ ያለ ቡና ላኪ ከፈረንሳይ «እንግዛዎት» የሚል ኢሜይል ደረሰው እንበል። ግርጌው ላይ ዘጠኝ አሃዝ ካለ annuaire-entreprises.data.gouv.fr በሚባለው የመንግሥት ገጽ ላይ በነጻ ያስገባዋል። ድርጅቱ መኖሩን፣ አለመዘጋቱን፣ መሥሪያ ቤቱ የት እንደሆነና ብዙውን ጊዜም የሚመራው ማን እንደሆነ ያገኛል። ፊርማው «ፔዴዤ» ብሎ ገጹ ግን `SARL` ካለ፣ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ቁጥሩ ከነጭራሹ ከሌለ ሁለት ጥያቄ።

ሁሉም ቢገጥም እንኳ ኢሜይሉ የእውነተኛው ድርጅት ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ ለማንም ክፍት ነው፤ አጭበርባሪም ከዚያው ገጽ ቀድቶ ይለጥፈዋል፤ ካፒታሉን ሳይቀር በትክክል ይጽፋል። አጭበርባሪው የሚለውጠው ስልኩንና ከ@ በኋላ ያለውን የአድራሻ ክፍል ነው። ስለዚህ ላኪው ግርጌው ላይ ባለው ቁጥር አይደውልም፤ በራሱ ፈልጎ ባገኘው የድርጅቱ ስልክ ይደውልና ትእዛዙን የጻፈችው ወይዘሮ እዚያ ትሠራ እንደሆነ ይጠይቃል።